ሁለት ጆንያ፣ ሁለት እጅ
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



የሒሳብ ክፍል ሰው መድረክ ላይ ሲወጣ ኦዲት የመጣ ይመስላችኋል። ዛሬ የመጣነው ግን ለራሳችን ስሕተት ነው። ባለፈው የቡና ወቅት እኛው ባሰላነው ሒሳብ ምክንያት አንድ መኪና ዲላ ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆሞ ጠብቋል፣ ሁለት አባሎቻችንም ተኳርፈው ከርመዋል። ስሕተቱ ልጆቻችን በደብተራቸው ይዘውት የሚመጡት ዓይነት ነው። «አንዷ ሥራውን በዚህን ያህል ሰዓት ትጨርሳለች፣ ሌላዋ በዚህን ያህል፤ አብረው ቢሠሩ በስንት ሰዓት ይጨርሳሉ?» የሚለው ጥያቄ ነው። ብዙዎቻችን በትምህርት ቤት ስናየው ማን በዚህ ይጠቀማል ብለን አልፈነዋል። ለካ የምንተዳደረው በሱ ኖሯል።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከአንድ ነጋዴ 120 ኪሎ ቡና ለመልቀም በ600 ብር ቁርጥ ተስማማን። መልቀም ስንል ከዛፍ የሚለቀመውን ማለታችን አይደለም። ከተፈለፈለና ከደረቀ በኋላ ጥቁሩን፣ የተሰበረውን፣ ተባይ የበላውን ፍሬ በእጅ እየነጠሉ ማውጣቱን ነው። ቡናው የመጣው በሁለት ጆንያ፣ በእያንዳንዱ 60 ኪሎ ሆኖ ነው። የደረሳቸው ተራ ሁለት አባሎቻችን ናቸው። ስማቸውን አንጠራም፤ ታናሽየዋና ታላቅየዋ እንበላቸው። ከቀደሙት ቀናት መዝገባችን እንደምናውቀው 120ውን ኪሎ ብቻዋን ብትይዘው ታናሽየዋ በ10 ሰዓት ትጨርሰዋለች፣ ታላቅየዋ በ15 ሰዓት።

እኛ እንግዲህ ወረቀት አወጣንና 10 እና 15 ደመርን፣ 25 ሆነ። ለሁለት አካፈልን፣ አማካዩ 12 ሰዓት ተኩል ሆነ። ሁለት ሰው ስለሆኑ ደግሞ እንደገና ለሁለት፣ 6 ሰዓት ከሩብ ወጣ። ጠዋት 2 ሰዓት ከጀመሩ፣ የምሳ አንድ ሰዓት ሲጨመር፣ 9 ሰዓት ከሩብ ላይ ይጨርሳሉ ብለን ለነጋዴው ደወልን። መኪናው በተባለው ደቂቃ መጣ። ታናሽየዋ ከ8 ሰዓት ጀምሮ እጇን አጣጥፋ ተቀምጣለች። ታላቅየዋ ፊት ገና 10 ኪሎ አለ። መኪናው የተጫነው 10 ሰዓት ተኩል ላይ ነው።

እዚህ ውስጥ ያሉት ስሕተቶች ሁለት ናቸው፣ አንዱ ሌላውን ስለሸፈነው ነው ቶሎ ያልታየን። የመጀመሪያው የስሌት ነው። ሰዓትና ሰዓት አይደመርም፣ አማካዩም አይወሰድም። ሁለት ሰዎች አብረው ሲሠሩ የሚደመረው ሥራቸው ነው፣ እሱም በአንድ ሰዓት ውስጥ እያንዳንዷ የምትሠራው። ታናሽየዋ 120 ኪሎ በ10 ሰዓት ከሆነ በሰዓት 12 ኪሎ ትለቅማለች። ታላቅየዋ 120 በ15 ሰዓት፣ በሰዓት 8 ኪሎ። አብረው ሲቀመጡ በየሰዓቱ ከክምሩ 20 ኪሎ ይነሳል። 120 ለ20 ሲካፈል 6 ነው። ስለዚህ መልሱ 6 ሰዓት ነው፤ 6 ሰዓት ከሩብ አይደለም።

«ሩብ ሰዓት ምን አላት?» ብላችሁ ይሆናል። የዚህ ስሕተት ክፋቱ እዚህ ላይ ነው። ሁለቱ ሠራተኞች በፍጥነት ሲቀራረቡ የተሳሳተው ዘዴ ለትክክለኛው የቀረበ መልስ ስለሚሰጥ አይጠረጠርም። ልዩነታቸው ሲሰፋ ግን ይጋለጣል። አንዷ በ4 ሰዓት፣ ገና ሥራ የጀመረች ልጅ ደግሞ በ20 ሰዓት የምትጨርሰው ሥራ ቢሆን በእኛ ዘዴ አማካዩ 12፣ ግማሹ 6 ሰዓት ይወጣል። እስቲ አስቡት፤ ፈጣኗ ብቻዋን በ4 ሰዓት የምትጨርሰው ሥራ ረዳት ሲመጣላት እንዴት 6 ሰዓት ይፈጃል? ረዳቷ ሥራ አታፈርስም መቼም።

ከዚህ አንድ መፈተሻ ይገኛል፣ ወረቀትም አይፈልግም። አብረው የሚጨርሱበት ሰዓት ሁልጊዜ ከፈጣኗ የብቻ ሰዓት ማነስ አለበት። ከዚያም አልፎ በሁለት ግማሾች መካከል ይውላል። ሁለቱም እንደ ታናሽየዋ ፈጣን ቢሆኑ ኖሮ የ10 ግማሽ፣ 5 ሰዓት ይፈጅባቸው ነበር። ሁለቱም እንደ ታላቅየዋ ቢሆኑ የ15 ግማሽ፣ 7 ሰዓት ተኩል። እውነተኛው መልስ ከ5 በታች ወይም ከ7 ተኩል በላይ ከወጣ ወደ ወረቀታችሁ ተመለሱ። በነገራችን ላይ የኛ 6 ከሩብም በዚህ መካከል ስለሆነ ይህ መፈተሻ ብቻውን አያድንም። የመጨረሻው መፈተሻ ወደ ኋላ ማባዛት ነው፤ ታናሽየዋ በ6 ሰዓት 72 ኪሎ፣ ታላቅየዋ በ6 ሰዓት 48 ኪሎ፣ ሲደመር 120። በ6 ከሩብ ብትሞክሩት 125 ኪሎ ይመጣል፣ 5 ኪሎ ትርፍ ቡና ከየት መጣ?

አሁን ወደ ሁለተኛው ስሕተት እንምጣ። ሒሳቡን አስተካክለን 6 ሰዓት ብንል እንኳ መኪናው መጠበቁ አይቀርም ነበር። ለምን ቢባል ቡናውን ያካፈልነው በጆንያ ነው፣ ለአንዷ አንድ ለሌላዋ አንድ። ታናሽየዋ 60 ኪሎዋን በ5 ሰዓት ጨረሰች። ታላቅየዋ 60 ኪሎዋን በ7 ሰዓት ተኩል። የ6 ሰዓቱ መልስ የሚሠራው ሁለቱም ከአንድ ክምር እየወሰዱ፣ እኩል ጀምረው እኩል ሲያቆሙ ብቻ ነው። በደብተር ላይ ያለው ጥያቄ «አብረው ቢሠሩ» ሲል ይህንን ማለቱ ነው፣ ግን አይናገረውም። ጎን ለጎን ተቀምጦ የየራስን ጆንያ መልቀም በዚህ ሒሳብ አብሮ መሥራት አይባልም።

ታናሽየዋን በኋላ ጠይቀናት ነበር። «ታዲያ እትዬን ለምን አላገዝሻትም?» አልናት። «ባግዛትማ ደስ ይለኝ ነበር። ግን ብሩ ለሁለት እኩል ነው ብላችኋል፣ 300 ለኔ 300 ለሷ። የኔን ጆንያ ጨርሻለሁ። የሷን ደግሞ ብለቅምላት ማን ይከፍለኛል?» አለች። ልክ ነበረች። ታላቅየዋም በበኩሏ «ልጄ፣ እኔ አግዢኝ ብዬ አፌን አልከፍትም። ግን እጇን አጣጥፋ ስታየኝ አፈርኩ» አለች። ያኮራረፋቸው የኛ አከፋፈል ነው።

እንግዲህ ክፍያውን እናስላው። ከአንድ ክምር ቢሠሩ ኖሮ ሁለቱም 6 ሰዓት ተቀምጠው ታናሽየዋ 72፣ ታላቅየዋ 48 ኪሎ ይለቅማሉ። 600 ብር ለ120 ኪሎ፣ ኪሎው 5 ብር ነው። በኪሎ ይከፈል ከተባለ ታናሽየዋ 360፣ ታላቅየዋ 240 ብር ያገኛሉ። በሰዓት ይከፈል ከተባለ ሁለቱም እኩል 6 ሰዓት ስለሠሩ 300 እና 300 ነው። ሒሳቡ ሁለቱንም ቁጥር በትክክል ይሰጣል። የትኛው ይሻላል የሚለውን ግን ሒሳብ አይመልስም፣ እሱን ሥራው ሳይጀመር ተነጋግሮ መወሰን ነው። እኛ ከሥራው በኋላ ነው የተነጋገርነው።

አንድ ነገር ደግሞ ሚዛን አያሳይም። በዚያው ቀን ነጋዴው ሳይሄድ ከሁለቱም የተለቀመ ቡና አንድ አንድ ስኒ ቀድተን ቆጠርን። ከታናሽየዋ ስኒ ውስጥ 7 ጉድለት ያለው ፍሬ ወጣ፣ ከታላቅየዋ 2። ዝግ የምትለው ስለምታይ ነው። አንድ ስኒ ብዙ ማስረጃ አይደለም፣ ደጋግሞ ከተለያየ ቦታ መቅዳት ያስፈልጋል፤ ግን በኪሎ ብቻ የሚከፍል ሰው ቶሎ ቶሎ እንዲለቀምለትና ጥቁሩ እንዲያልፍ እየከፈለ መሆኑን ማወቅ አለበት። የይርጋጨፌን ስም ይዞ የሚሸጥ ቡና በዚህ ይመዘናል።

አሁን ጥያቄውን አንድ ደረጃ እናክብደው፣ ምክንያቱም ሁለት ሰዎች እኩል የሚጀምሩበት ቀን ብርቅ ነው። ታላቅየዋ የልጅ ልጇን ጤና ጣቢያ አድርሳ 2 ሰዓት ያህል ዘግይታ መጣች እንበል። ታናሽየዋ ብቻዋን 2 ሰዓት ሠርታለች፣ 24 ኪሎ። ከ120 ላይ 24 ሲነሳ 96 ኪሎ ይቀራል። ከዚህ በኋላ በሰዓት 20 ኪሎ ስለሚነሳ 96 ለ20፣ 4.8 ሰዓት ነው። ይህን ቁጥር 4 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ብላችሁ እንዳትጽፉ። ከነጥቡ በኋላ ያለው 8 የሰዓት አሥረኛ ነው፣ ደቂቃ አይደለም። 0.8 በ60 ሲባዛ 48 ስለሆነ 4 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ይባላል። በመዝገባችን ላይ 40 ደቂቃ የጠፋበት ገጽ አግኝተናል፣ ምክንያቱ ይኸው ነጥብ ነበር።

በዚህ ቀን ታናሽየዋ በጠቅላላ 6.8 ሰዓት ሠርታ 81.6 ኪሎ፣ ታላቅየዋ 4.8 ሰዓት ሠርታ 38.4 ኪሎ ይለቅማሉ። ድምሩ 120 ነው፣ ስለዚህ አልተሳሳትንም። በኪሎ ከተከፈለ 408 ብር እና 192 ብር ይሆናል። ዘዴው ከመጀመሪያው አልተለየም። አንዷ ብቻዋን የሠራችውን አስቀድሞ ማንሳት፣ የቀረውን በሁለቱ የጋራ ፍጥነት ማካፈል ነው።

ሁሉም ሥራ ግን ኪሎ የለውም። ቡናን መመዘን ይቻላል፤ የእንሰት ሥራስ? ብዙዎቻችሁ በቤታችሁ እንደምታደርጉት ግንዱን ሳንቃ ላይ አስደግፎ በቀርከሃ መፋቅ፣ አሚቾውን መፍጨት፣ ሁሉንም ጠቅልሎ ጉድጓድ ውስጥ መክተት ነው። ይህን በኪሎ ቀድሞ የሚያውቅ የለም። የሚታወቀው «ይህን ያህል እግር እንሰት በይህን ያህል ቀን» ብቻ ነው። እንዲህ ሲሆን ሥራውን በሙሉ አንድ ብለን እንወስደዋለን። የቡናውን ምሳሌ በዚህ መንገድ ብንሠራው ታናሽየዋ በሰዓት የሥራውን 1/10፣ ታላቅየዋ 1/15 ትሠራለች። ክፍልፋይ የሚያስፈራት ካለች ደግሞ ሥራውን ለ10ም ለ15ም በሚካፈል ቁጥር ትክፈለው፣ 30 ቁና ነው ትበል። ታናሽየዋ በሰዓት 3 ቁና፣ ታላቅየዋ 2 ቁና፣ አብረው 5 ቁና፤ 30 ለ5፣ 6 ሰዓት። ቁናው እውነተኛ ባይሆንም ችግር የለውም፣ 60 ቁና ብትለውም መልሱ አይለወጥም። የልጆቻችን አስተማሪዎች ትንሹ የጋራ ብዜት የሚሉት ይኸው 30 ነው።

ይህ ዘዴ አዲስ አይደለም። በቻይና ከ2000 ዓመት ገደማ በፊት የተጠናቀረ «ዘጠኙ ምዕራፎች» የሚባል የሒሳብ መጽሐፍ አለ። በውስጡ በአምስት ቦዮች የሚሞላ አንድ ኩሬ ይጠየቃል። አንዱ ቦይ ብቻውን በቀን ሲሶ ይሞላዋል፣ ሌላው በአንድ ቀን፣ ሌላው በሁለት ቀን ተኩል፣ በሦስት ቀን፣ በአምስት ቀን። ያኔም ቀናቱን አልደመሩም። እያንዳንዱ ቦይ በአንድ ቀን ኩሬውን ስንት ጊዜ እንደሚሞላ አወጡ፣ ያንን ደመሩ። አምስቱም ሲከፈቱ ኩሬው በቀን 15/74 ይሞላል፣ ከ5 ሰዓት ትንሽ ባነሰ ጊዜ ማለት ነው።

ለእንሰቱ ደግሞ ጥያቄው ብዙ ጊዜ ተገልብጦ ነው የሚመጣው። አንዲት እናት ብቻዋን የምትፍቀውን እንሰት በ6 ቀን ትጨርሳለች። ጎረቤቷ መጥታ አብረው ሲሠሩ በ4 ቀን አለቀ። ጎረቤቷ ለሷ ስትሠራ የዋለችውን ውለታ መመለስ ትፈልጋለች፣ እና የጎረቤቷ ድርሻ ስንት ነበር? እዚህ ላይ ቶሎ የሚመጣልን መልስ 6 ሲቀነስ 4፣ ሁለት ቀን የሚል ነው። ትክክል አይደለም። አብረው በቀን የሥራውን 1/4 ይሠራሉ። እናቲቱ ለብቻዋ በቀን 1/6 ትሠራለች። የሚቀነሰው ይህ ነው፤ ሥራውን 12 ክፍል ብንለው አብረው በቀን 3፣ እናቲቱ 2፣ ስለዚህ ጎረቤቷ 1። በ4 ቀን ከ12ቱ 4ቱን ሠርታለች፣ ሲሶውን ማለት ነው። ብቻዋን ብትይዘው ኖሮ 12 ቀን ይፈጅባት ነበር። እናቲቱ ግን አራት ቀን ሙሉ እንደተቀመጠችላት ታስታውሳለች እንጂ ሲሶ ብሎ የሚቆጥር የለም፣ ይህም ደግ ነው። በደቦና በጎረቤት መካከል እንዲህ አይሰላም። ቁርጥ ብር ሲገባበት ነው መስላት የሚያስፈልገው።

ሒሳቡ የማይሠራባቸውን ቦታዎችም መናገር አለብን፣ ያለዚያ አሳሳትናችሁ ማለት ነው። መፋቂያው ሳንቃ አንድ ብቻ ከሆነ ሁለት ሴት ብታመጡ አንዷ ትፍቃለች፣ ሌላዋ ትቆማለች። ፍጥነት የሚደመረው ለሁለቱም መሥሪያ ሲኖር ነው። ከጉድጓድ የገባው ቆጮ እስኪበስል የሚቆይበትን ጊዜ ደግሞ ሃያ ሴት ቢከበው አያሳጥረውም። አልጋ ላይ የተሰጣ ቡናም እንዲሁ ነው፣ የሚያደርቀው ፀሐይ ነው። ልገሳ የምታደርጉልን ወዳጆቻችን አንዳንዴ «ሠራተኛ እንጨምር፣ ቶሎ ይድረስ» ትላላችሁ። መልሳችን ሥራው ለቀማ ከሆነ አዎ፣ ማድረቅ ከሆነ አይደለም ነው።

ሌላው ፍጥነት ቋሚ አለመሆኑ ነው። 12 ኪሎ በሰዓት የምንለው ከብዙ ሰዓት የወጣ ነው። ጠዋት በብርሃን ከ12 በላይ ይለቀማል፣ ከምሳ በኋላ ዓይን ይደክማል፣ ዲላ ላይ ሲደምን ደግሞ ጥቁሩ ፍሬ ራሱ አይለይም። ስለዚህ የአንዲትን አባል ፍጥነት በመጀመሪያው ሰዓት ብቻ አንለካም። ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ አንድ ሰዓት፣ በሌላ ቀን ደግሞ እንዲሁ መዝነን ነው የምንወስደው። የምንመዝነውም ከመለቀሙ በፊት ያለውን ነው። የወጣውን ጥሩ ቡና ብቻ ከመዘንን ብዙ ጉድለት ያለበት ጆንያ የደረሳት ትጎዳለች።

ከዚያ ወዲህ የተደረገውን ለመናገር ሁለቱን አባሎቻችንን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀመጥናቸው። ሦስቱንም ቁጥሮች በወረቀት አሳየናቸው፤ በጆንያ፣ በኪሎና በሰዓት። ታናሽየዋ «በኪሎ ይሁን» አለች። ታላቅየዋ ዝም አለች። የስኒውን ቆጠራ ስናነሳ ታናሽየዋ ትንሽ ሳቀችና «እትዬ ዓይኗ የኔን ሁለት ነው» አለች። በመጨረሻ ለሚቀጥለው 120 ኪሎ የተስማሙት እንዲህ ነው። ቡናው በአንድ ክምር ይሁን፣ ሁለቱም ከሱ ይውሰዱ፣ የወሰዱት ቁና እየተመዘነ በስማቸው ይጻፍ። ከ600ው ብር ግማሹ በሰዓት፣ ግማሹ በኪሎ ይከፈል። ሰዓታቸው እኩል ስለሆነ ከመጀመሪያው 300 ላይ 150 እና 150፤ ከሁለተኛው 300 ላይ በ72 እና በ48 ኪሎ መጠን 180 እና 120። ታናሽየዋ 330፣ ታላቅየዋ 270።

ታናሽየዋ ከዚህ በፊት በ5 ሰዓት 300 ብር ታገኝ ነበር። አሁን ለስድስተኛው ሰዓት የተጨመረላት 30 ብር ብቻ ነው፣ ይህንንም ሳንደብቅ ነገርናት። «ገባኝ» ብላ ፈረመች። በሚቀጥለው ሳምንት ጠዋት 2 ሰዓት ጀመሩ፣ ለነጋዴው ምሳን ጨምረን 9 ሰዓት ብለን ደወልን። 9 ሰዓት ከ10 ላይ የመጨረሻው ቁና ተመዘነ። መኪናው ገና አልመጣም ነበር።